የማይለወጥ ትናንት ምንድን ነው? የጊዜ ጉዞ ታሪክ የማይምታታበት ሕግ

አንድ ገጸ ባሕርይ ወደ ኋላ ተጉዞ አያቱን ገና ልጅ ሳይወልዱ ቢገድላቸው እሱ ራሱ አይወለድም፤ ካልተወለደ ደግሞ ማን ገደላቸው? የጊዜ ጉዞ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይዋል ይደር እንጂ እዚህ ቋጠሮ ላይ መድረሱ አይቀርም። ከመፍቻዎቹ አንዱ «ትናንት ጨርሶ አይለወጥም» የሚለው ሕግ ነው። ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ተጓዡ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያደርገው ሁሉ ድሮውንም የታሪኩ አካል ነበር። የሆነውን ሊያስቀር ይሞክራል እንጂ አያስቀርም።

ሐሳቡ የፊዚክስ ሊቃውንትንም አከራክሯል። ሩሲያዊው ኢጎር ኖቪኮቭ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ወደ ኋላ መጓዝ ቢቻል እንኳ ሊፈጸም የሚችለው ከራሱ ጋር የማይቃረን ክስተት ብቻ ነው የሚል መርህ አቀረበ። ጆሴፍ ፖልቺንስኪ ደግሞ ፈታኝ ጥያቄ አመጣ። አንዲት የቢሊያርድ ኳስ ወደ ኋላ በሚወስድ ቀዳዳ ገብታ፣ ከመግባቷ ጥቂት ቀደም ብላ ወጥታ፣ የገዛ ራሷን ገጭታ እንዳትገባ ብታደርግስ? ፈርናንዶ ኤቼቬሪያ እና ጉናር ክሊንክሃመር የተባሉ የፊዚክስ ሊቁ የኪፕ ቶርን ተማሪዎች ሲያሰሉት መውጫ አገኙ። ኳሷ ስትወጣ አቅጣጫዋ ትንሽ የተዛነፈ ስለሆነ ራሷን በኃይል አትገጭም፤ ታካት ታልፋለች። አቅጣጫዋን ያዛነፈውም ያው መታከክ ነው፤ ወደ ቀዳዳው ከመግባትም አላገዳትም።

ለደራሲ ይህች ኳስ ብዙ ታስተምራለች። ጀግናው በተኮሰ ቁጥር ሽጉጡ የሚከሽፍ ከሆነ አንባቢ ከጀርባ የደራሲውን እጅ ያያል። ሙከራው ራሱ የነገሩ መንስኤ ሲሆን ግን ታሪኩ ያለ ማንም ግፊት ይገጥማል።

እስቲ በአንድ ታሪክ እንየው። ማርታ የ8 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ የሚሠሩበት መጋዘን ሌሊት ተቃጠለ። የእሳቱ መነሻ አልታወቀም፣ አስከሬናቸውም አልተገኘም። የተገኘው መስታወቱ የተሰነጠቀ የእጅ ሰዓታቸው ብቻ ነው፤ ማርታ 20 ዓመት ሙሉ ከእጇ አውልቃው አታውቅም። አሁን እሳቱ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት ወደ መጋዘኑ ትመለሳለች። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ሻማ ታበራለች። አባቷ ሌባ የገባ መስሏቸው ከኋላ ሲይዟት ሻማው ካርቶን ላይ ይወድቃል። እሳቱ መውጫውን ሲዘጋባቸው እጃቸውን ይዛ ወደ ራሷ ዘመን ትሻገራለች።

እዚህ ላይ የተለወጠ ትናንት የለም። አባትየው ሞቱ ያሉት ሰዎች ናቸው እንጂ የታየው ነገር አስከሬን አለመገኘቱ ብቻ ነበር። የዚህ ዓይነት ታሪክ የሚኖረው በሆነውና ገጸ ባሕርይዋ ሆኗል ብላ በምታምነው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ማርታ የእሳቱን መነሻ አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ ሻማውን ለምን አበራች ለሚለው ጥያቄ መልስ አይኖረንም ነበር።

ሰዓቱ ግን ወጥመድ አለው። ማርታ ያሰረችውን ሰዓት አመዱ ውስጥ ትታው ብትመጣና የተገኘው እሱ ነው ብንል ነገሩ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ያንን ሰዓት የሠራው ሰው የለም። ከዚያም ይብሳል፦ ሰዓቱ በየዙሩ 20 ዓመት ማርጀት ስላለበት አመዱ ውስጥ ከተገኘው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሚወድቀው አባትየው ያሰሩት ሰዓት መሆን አለበት፤ እጃቸውን ስትጎትት ማሰሪያው ተበጥሶ ወድቆ ይሰነጠቅ። በዚያች ሌሊት መጋዘኑ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሁለት ሰዓቶች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ ደህና፣ ሌላው የተሰነጠቀና 20 ዓመት ያረጀ።

እንዲህ ያለውን ስህተት በጭንቅላት ብቻ መያዝ ያስቸግራል። እኔ ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል ክስተቶቹን በዓለም ቅደም ተከተል፣ በሌላው በኩል ማርታ በኖረቻቸው ቅደም ተከተል እጽፋለሁ። አንድ ክስተት በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ሆኖ ካልተጻፈ፣ ወይም አንድ ዕቃ ከየት እንደመጣ ካልተገኘ፣ ቀዳዳው እዚያ ነው።

ትናንት ሲለወጥ ጊዜ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሌላ ዓለም ይፈጠራል የሚል ሌላ ሕግም አለ፤ እሱም በራሱ መንገድ ይሠራል። አንባቢ ግራ የሚጋባው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። እስከ ታሪኩ አጋማሽ ትናንት የማይነካ ሆኖ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ሲባል ብቻ ከተለወጠ፣ ማርታ ከመጀመሪያው ያን ሁሉ ለምን ተንገላታች?