«ሃያ ጊዜ ጻፍኩት፣ ግን ጠፋኝ»፦ ቃል በካርድ ስለመያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ለሥራ መጥቶ አፋን ኦሮሞ የሚማር ሰው ብዙ ነው። እኔም ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ቃላት የምይዘው በወረቀት ካርድ ነው። ካርዶቹን የማስቀምጠው ደግሞ አምስት ቦታ በከፈልኩት የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑን የሚያዩ ሰዎች የሚሉኝ ነገር ስለሚመሳሰል እዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

ካርዶቼ ላይ የምጽፈው በቁቤ ነው። እዚህ ለማንበብ እንዲቀል በእኛው ፊደል አድርጌዋለሁ። «ዸ» የኦሮምኛዋ ጠበቅ ያለች «ደ» ናት።

«ቃሉን ሃያ ጊዜ ደጋግሜ ከጻፍኩት አይጠፋኝም»

ያን ዕለት ማታ አይጠፋችሁም። የሚጠፋው ከሳምንት በኋላ ገበያ መሀል ስትፈልጉት ነው።

ሦስተኛውን ጊዜ ስትጽፉ ቃሉ ዓይናችሁ ላይ አለ። አእምሮ ፈልጎ ማምጣት አያስፈልገውም፣ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ትውስታን የሚያጠነክረው ግን ያ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነበቡ። ግማሾቹ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፣ ግማሾቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ሌሎቹ 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ።

የሚያታልለን ያ የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ነው። ደግመን ስናነብ የገባን ይመስለናል። ሃያውን ጊዜ በአንድ ማታ ከመጨረስ ስምንት ጊዜ አድርጎ በሁለት ወር ውስጥ ማከፋፈል ይሻላል፤ እያንዳንዱንም መልሱን ሳያዩ።

«ከፊት ቃሉ፣ ከጀርባ ትርጉሙ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ብዙ ካርድ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከጎንደር መጥታ ትምህርቱን በዚህ መንገድ ጀመረች። አንዱ ካርዷ ከፊት «ዹጋ»፣ ከጀርባ «እውነት» ይላል። ትክክል ነው፣ ቃሉ እውነት ማለት ነው። አንድ እሁድ ጎረቤቷ ቡና ጠራቻት። ሲኒውን አቀረበችላትና «ቡነ ዹጋ» አለቻት። ባልደረባዬ «ቡና» እና «እውነት» የሚሉ ሁለት ቃላት ሰማች፣ ማያያዝ ግን አልቻለችም። ሲኒውን ሳታነሳ ቆየች። ጎረቤቷ ቡናው ያልጣማት መስሏት ደነገጠች።

«ዹጋ» «ጠጡ» ማለትም ነው። ለአንድ ጓደኛ ሲሆን «ዹጊ» ይባላል። ለብዙ ሰው፣ ወይም ለእንግዳና ለትልቅ ሰው በአክብሮት ሲሆን «ዹጋ» ይሆናል። የጎረቤቷ ንግግር «ቡና ይጠጡ» ማለት ነበር። የካርዷ ስህተት ትርጉሙ ላይ አልነበረም፤ ቃሉን ብቻውን ማቆሙ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ካርድ ሠራን። የመጀመሪያው ፊት ላይ «ዹጋ ዱበዹ» የሚል አለ፣ «ዹጋ» የሚለው ቃል ከሥሩ ተሰምሮበታል። ጀርባው «እውነቱን ተናገር» ይላል። የሁለተኛው ፊት «ቡነ ዹጋ» ነው። ጀርባው ላይ «ቡና ይጠጡ፤ ለእንግዳ ወይም ለትልቅ ሰው» ተጽፏል። አሁን ሁለቱ አይጣሉም፤ አጠገባቸው ያለው ቃል ይለያቸዋል።

ከዚያ ሦስተኛ ካርድ ጨመርን፣ በተቃራኒው አቅጣጫ። ፊቱ በአማርኛ ነው፦ «ቤትሽ አንድ ሽማግሌ መጡ። ቡና አቀረብሽላቸው። ምን ትያቸዋለሽ?» ጀርባው «ቡነ ዹጋ» ይላል። ሲሰሙ መረዳትና ራስ መናገር የተለያየ ችሎታ ነው። አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያጠና ሰው ሁሉም ነገር ይገባዋል፣ አፉን ሲከፍት ግን ቃሉ አይመጣለትም።

ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፣ ከሁለት እስከ አምስት ቃል ይበቃል። ውስጡ የማታውቁት ቃል አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ካለ የትኛው እንዳቃታችሁ አታውቁም። በተቻለ መጠን ከሰው አፍ የሰማችሁትን ጻፉ፣ የራሳችሁን ከፈጠራችሁ ግን ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይይላችሁ። እኔ ሂርማታ ገበያ የሰማሁትን ስልኬ ላይ እጽፍና ማታ ለጎረቤቴ አነብላታለሁ። በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ታርምልኛለች።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከጊዜ በኋላ ካርዱን ገና ሳታነቡት፣ በመልኩ ብቻ ትለዩታላችሁ። ይህን የምታውቁት ቃሉ ካርዱ ላይ ሲገኝ ወዲያው እየመለሳችሁ፣ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰሙት ግን ሲያልፋችሁ ነው። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን መቀየር ነው፤ ቃሉ ያው ሆኖ ሌላ ቦታ ይግባ።

«ካርዶቹን በሙሉ በየቀኑ ማየት አለብኝ»

ሦስት መቶ ካርድ ሲሞላ ይህን የሚችል የለም፣ አያስፈልግምም። የቀለለውን ካርድ በየቀኑ ማየት ጊዜ ማባከን ነው፤ ፍለጋው ስለሌለ የሚጠነክር ነገር የለም።

እንደ እኔ ካርቶን በክፍል የተከፈለውን የካርድ ሳጥን ያስተዋወቀው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ሴባስቲያን ላይትነር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የመለስከው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ የሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የእኔ ካርቶን ክፍሎች 1፣ 3፣ 7፣ 14 እና 30 የሚል ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ካርዱ ስንት ቀን አርፎ እንደሚታይ ይናገራል። ቀጣዩን ቀን በእርሳስ ካርዱ ጥግ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ካርድ ተከትለን እንሂድ። «ገነ» ክረምት ማለት ነው። «ነ» ይጠብቃል፣ ስለዚህ ለእኛ ጆሮ ልክ የልደት በዓሉን «ገና» ይመስላል። ፊቱ «ገነ ቦካን ኒ ሮበ» ነው፤ በክረምት ዝናብ ይዘንባል። ካርዱን የጻፍኩት ጥቅምት 1 ነው። ጥቅምት 2 መለስኩ፣ ወደ 3 አለፈ። ጥቅምት 5 መለስኩ፣ ወደ 7 አለፈ። ጥቅምት 12 ላይ ግን አፌ ላይ የመጣው በዓሉ ነው። ካርዱ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሰ። ጥቅምት 13 መለስኩ፣ ጥቅምት 16 መለስኩ፣ ጥቅምት 23 መለስኩ። ከዚያ 14 ቀን አርፎ ኅዳር 7፣ ከዚያ 30 ቀን አርፎ ታኅሣሥ 7። ሁለቱንም መለስኩና ካርዱ ከሳጥኑ ወጣ።

ስምንት ጊዜ ነው ያየሁት። በአማካይ አሥር ሰከንድ ብንል፣ ሁለት ወር ከምናምን ውስጥ ጠቅላላው ከደቂቃ ተኩል አይበልጥም። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን መሆኑም ይመቻል፦ የመጨረሻው ክፍል ሁልጊዜ በሚቀጥለው ወር በዚያው ቀን ይውላል። ጳጉሜን ብቻ አትርሱ።

እነዚህ ቁጥሮች ሕግ አይደሉም። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሆነ ሰው የሠላሳ ቀን ክፍል ምንም አያደርግለትም።

«በቀን ሃምሳ ቃል ብይዝ በሁለት ወር እጨርሳለሁ»

አንድ ካርድ ምንም ሳይሳት እንኳ አምስት ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በቀን 10 አዲስ ካርድ የሚጨምር ሰው፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በቀን 50 ክለሳ ይኖረዋል፣ የሳተው ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ያ አሥር ደቂቃ ነው፤ ባጃጅ እስኪሞላ ያልቃል። 50 አዲስ የሚጨምር ግን 250 ክለሳ ይደርስበታል። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም አይታይም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው። እኔ ከ8 አላልፍም። ካርዱን በደንብ መጻፍ ራሱ ጊዜ ይወስዳል።

«ይህ ቃል አምስት ጊዜ ተመለሰብኝ፤ እንግዲህ ጭንቅላቴ አይቀበለውም»

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካርዱ ነው። እኔን ያስቸገሩኝ «ገረ» እና «ጋረ» ነበሩ። «ገረ» ወደ ማለት ነው፣ «ገረ ገባ» ወደ ገበያ። «ጋረ» ደግሞ ተራራ ነው። በኦሮምኛ የአናባቢው ርዝመት ትርጉም ይለውጣል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ነበር የጻፍኳቸው፣ እና እየተቀያየሩ ሁለቱም ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመለሱ ነበር።

«ገረ»ን ከሳጥኑ አወጣሁት። «ጋረ» ብቻውን ክፍል 7 እስኪደርስ ጠበቅሁ፤ በአማርኛ «ጋራ» ስለምንል እሱ ቀላሉ ነበር። ከዚያ «ገረ»ን በአዲስ ካርድ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አልተምታቱብኝም። የሚመሳሰሉ ቃላትን በአንድ ሳምንት አታስገቡ። አንድ ካርድ አራት ጊዜ ከወደቀ ደግሞ አምስተኛ ጊዜ ከማየት ቀዳችሁ ጣሉትና እንደ አዲስ ጻፉት።

«ስልክ ላይ ያለው አፕ ሁሉንም ራሱ ያስተካክላል»

ቀኑን ያሰላል፣ ያ እውነት ነው። አንኪ የሚባለው አንድሮይድ ስልክ ላይ ነጻ ነው፣ ጥሩም ነው። ግን የሚያሰላው እናንተ በምትነግሩት ነው። ቃሉ ጠፍቶባቸው `Hard` የሚጫኑ ብዙ አይቻለሁ፣ `Again` መጫን ስለሚከብዳቸው። `Hard` ማለት «ከብዶኝ ግን አስታወስኩት» ነው። አፑ እንዳለፋችሁ ይቆጥረዋል። ከጠፋባችሁ `Again` ነው። ያለቀለት ካርድ ከሌላ ሰው ማውረድም አይጠቅምም ባልልም፣ ዓረፍተ ነገሩን ራሳችሁ ስትፈልጉ የሚገኘው ነገር ይቀርባችኋል።

«አሥር ቀን አቋረጥኩ፤ ከመጀመሪያው ልጀምር?»

አትጀምሩ። አዲስ ካርድ መጨመር አቁሙና የተጠራቀመውን በቀን በምትችሉት ልክ፣ ለምሳሌ 40 40 አድርጋችሁ አውርዱ። ከክፍል 1 እና 3 ጀምሩ፣ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ክፍል 30 ያሉት አሥር ቀን ቢዘገዩ ብዙም አይጎዱም። ዘግይታችሁ ያያችሁትን ካርድ ከመለሳችሁት ወደሚቀጥለው ክፍል አሳልፉት፤ በ7 ቀን መታየት ሲገባው በ17 ቀን ታይቶ ካልጠፋ ይበልጥ ተይዟል ማለት ነው። የጠፋው ወደ ክፍል 1 ይመለስ። ቁልሉ ሲያልቅ አዲስ ካርድ በቀን ሦስት እያላችሁ እንደገና መጨመር ጀምሩ።