ለቪዛ የሚጻፍ የሥራ ደብዳቤ ምንድን ነው? (ሽማግሌ አይደለም)

ሰሞኑን አንዱ "ዋናው ኤችአራችሁ ጠንካራ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፣ ደመወዙን ከፍ ያድርግላችሁ፣ ተመልሶ እንደሚመጣ ዋስ ነን ይበልላችሁ" ብሎ ሲመክር አየሁና ደሜ ፈላ። ድሬዳዋ ኤችአር ላይ ስንት ዓመት ስቀመጥ ይህን ምክር ሰምቶ ያልመጣብኝ ሰው የለም።

ወንድሜ፣ ደብዳቤው ሽማግሌ አይደለም። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ የልጁን ጨዋነት ያወራል፣ ያሞግሳል፣ ይለማመጣል፣ ያለውንም ትንሽ ይጨምርበታል፣ ማንም አይቀየመውም። ይሄኛው ግን ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር ነው። ያየውን ይናገራል፣ በዚህ መደብ ይሠራል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ በዚህ ደመወዝ፣ ከዚህ እስከዚህ ፈቃድ ወጥቷል፣ አለቀ። ምስክር "ልጁ ጨዋ ነው ይፈታ" ካለ ዳኛው የተጠየቅከውን መልስ ነው የሚለው። ደግሞ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ አለበት።

መስቀለኛ ጥያቄው የባንክ ስቴትመንት ነው። አንዷ ግዥ ክፍል የምትሠራ ልጃችን መጥታ "አቦ ጋሼ፣ ምን አለበት 45 ሺህ ብትሉት?" አለችኝ። ደመወዟ 20,000 ነው። ቁጭ በይ አልኳትና ፔይሮሏን አወጣሁ። በአዲሱ የግብር ስሌት እስከ 14,000 ያለው በየደረጃው፣ ከዛ በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ስለሚቆረጥበት ግብሯ ተደምሮ 4,950 ይመጣል፣ ጡረታ 7 በመቶ 1,400 ነው፣ ኔቷ 13,650። በዛ ላይ ለብድርና ቁጠባ በየወሩ 1,500 ይቆረጥባታል፣ ስለዚህ ባንኳ የሚገባው 12,150 ብቻ። እንኳን 45 ሺህ፣ እውነተኛው 20 ሺህም ካልተብራራ ከስቴትመንቷ ጋር ይጣላል! ስለዚህ ግሮሱን ጻፍኩ፣ ግብርና ጡረታውን፣ የብድሩንም ተቀናሽ ለየብቻ ጻፍኩ፣ መጨረሻ ላይ በየወሩ ባንክ የሚገባው 12,150 ነው ብዬ የሦስት ወር ፔይስሊፕ አያያዝኩላት። ትንሽ ደመወዝ ሳይሆን እርስ በርሱ የሚጣላ ወረቀት ነው ሰውን የሚያስጠረጥር። (አበል ያላችሁ ደግሞ ከደመወዙ ጋር ደምሩልን አትበሉ፣ ለብቻው ይጻፍ።)

ፈቃዱ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ ስጡ ነው የሚለው። ፈቃድ እዚህ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የፈቃድ ፎርሙ በአለቃዋ ተፈርሞ ፋይሏ ውስጥ ካልገባ እኔ "ተፈቅዶላታል" ብዬ አልፈርምም። ልጅቷ 7 ዓመት ሠርታለች፣ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሲጨመር 19 ይሆናል። እሷ ግን "አንድ ወር ብላችሁ ጻፉልኝ" ትላለች። እኛ ጋ ቅዳሜም ስለሚሠራ 19 ቀኑ ከሐምሌ 1 ተነስቶ ሐምሌ 22 ላይ ያልቃል። ከዛ በላይ ከፈለገች ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቃ ተፈቅዶላት ያም ለብቻው ይጻፋል። "ሐምሌ 23 ሥራ ትገባለች" የምትለዋ አንድ መስመር ከመቶ ዋስትና ትበልጣለች፣ ዋስትናውንማ ማን ሊሰጥ ይችላል፣ እኔ ቦሌ ቆሜ አልይዛት።

አሁን ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ቀይሩት፣ ሳይቀየር መገልበጡ ነው የሚያናድደኝ ስህተት። ልጅቷ የተቀጠረችው ጥቅምት 1 ቀን 2011 ነው፣ ማለት ኦክቶበር 11፣ 2018። የመጀመሪያው ድራፍት ላይ ጸሐፊያችን 01/02/2011 ብላ እንግሊዝኛው ላይ ገልብጣዋለች። አንባቢው ፌብሩዋሪ 2011 ብሎ 15 ዓመት የሠራች ያደርጋታል፣ ፎርሟ ላይ ግን 7 ነው ያለችው። ሐምሌ 1ም ጁላይ 1 አይደለም፣ ጁላይ 8 ነው።

ማህተም፣ ቲተር፣ ሄደር ያለው ወረቀት፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት ስልኩን ነው። ኤምባሲዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ የድሬን የምሳ ሰዓት አያውቁም። አንድ ጊዜ በዛ ሙቀት ሁላችን ቤታችን ገብተን የቢሮው መስመር ስልክ ሲጮህ ጥበቃችን አነሳው። "እገሌ እናንተ ጋ ይሠራል?" ሲሉት ልጁን ጠዋት ስላላየው "አይ፣ እሱ የለም" ብሎ ዘጋው። እሱ እኮ አልዋሸም፣ ልጁ ምሳ ላይ ነው። እኛ የሰማነው ልጁ ተከልክሎ ሲመጣ ነው፣ በዛ ምክንያት ይሁን በሌላ እንጃ። ከዛ ወዲህ ከፊርማዬ ስር የሞባይል ቁጥሬንና የቢሮውን ኢሜይል እጽፋለሁ፣ ጥበቃውም ስለ ሠራተኛ የሚጠይቅ ከመጣ "ከ9 ሰዓት በኋላ ይደውሉ" ብቻ ነው የሚለው።