የአነስተኛ ክሊኒክ የአቅጣጫ ምልክቶች፦ አንድ የድሬዳዋ ግቢ እንደ ምሳሌ

በድሬዳዋ አነስተኛ ክሊኒክ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ለመኖሪያ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። የውጭ በር፣ ግቢ፣ በረንዳ፣ ከበረንዳው ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ጠባብ ኮሪደር፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ደግሞ ሰርቪስ ቤት አለ። ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ይሆንና ላቦራቶሪው ሰርቪሱ ውስጥ ይገባል፤ መጸዳጃ ቤቱም እዚያው ጥግ ነው። ቤቱን የሠራው ሰው ታካሚ ይመላለስበታል ብሎ ስላላሰበ፣ መንገዱን ማስረዳት የሰሌዳዎች ሥራ ይሆናል። ሰሌዳዎቹ ይህን የሚችሉት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሕግ ሲከተሉ ነው፦ አንድ ዓይነት ቀስት፣ አንድ ዓይነት ሥዕል፣ ጥቂት የተወሰኑ መጠኖች።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ግቢ እናስብ። ከውጭ በሩ እስከ በረንዳው 12 ሜትር ነው። በስተግራ ከበሩ አጠገብ መድኃኒት ቤቱ አለ። በረንዳው ላይ በስተቀኝ ካርድ ክፍል፣ ኮሪደሩ ውስጥ ልየታ፣ ሁለት የሐኪም ክፍሎች፣ መርፌና ቁስል ማጠቢያ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ተደርድረዋል። ኮሪደሩ 8 ሜትር ያህል ሄዶ በጓሮ በር ይወጣል፤ ጓሮው ላይ በቀኝ ላቦራቶሪ፣ በግራ መጸዳጃ ቤት አለ።

ምልክቱ የት ይቁም

ሰሌዳ ከመታዘዙ በፊት አዲስ ታካሚ የሚሄድበትን መንገድ በእግር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ሰው የሚቆምበትና ዙሪያውን የሚቃኝበት ቦታ የውሳኔ ቦታ ነው። በምሳሌው ግቢ አራት ናቸው፦ የውጭ በሩን እንዳለፉ፣ በረንዳው ላይ፣ የጓሮ በሩ ላይ፣ የላቦራቶሪው መስኮት አጠገብ። ቀድሞ የሚሠራ ክሊኒክ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ በፕላስተር የተለጠፉ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶችን መቁጠር ይበቃል። «ላቦራቶሪ በዚህ በኩል» የሚል ወረቀት ያለበት ቦታ ሠራተኛው መልስ መስጠት የሰለቸው ቦታ ነው። ጥበቃውን ሰው ምን ምን እንደሚጠይቁት መጠየቅም ከየትኛውም ፕላን በላይ ይነግራል።

አራተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰገራ ወይም ሽንት እንዲሰጥ የታዘዘ ሰው ከላቦራቶሪው መስኮት ዕቃውን ተቀብሎ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ ውጤቱን ይዞም ወደ ሐኪሙ ይገባል። ሰሌዳዎቹ ግን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለመግቢያው ጉዞ ብቻ ነው። ስለዚህ መስኮቱ አጠገብ መጸዳጃ ቤቱን የሚያሳይ ቀስት፣ በጓሮ በሩ ሰሌዳ ጀርባ ደግሞ ወደ ሐኪም ክፍሎቹና ወደ መውጫው የሚመልስ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ኮሪደሩ ላይ የሚንጠለጠል ሰሌዳ በሁለቱም ፊቱ መጻፉ ዋጋውን ብዙም አይጨምረውም፤ አለመጻፉ ነው የሚያስወድደው።

አንድ ጊዜ ስሙ የተጠራ ክፍል እስኪደረስበት ድረስ በየሰሌዳው መደገም አለበት፣ ያውም በዚያው ስም። በሩ ላይ «ላቦራቶሪ»፣ በረንዳው ላይ «ምርመራ»፣ ራሱ ክፍሉ ላይ «ናሙና መቀበያ» ከተባለ ታካሚው ሦስት የተለያዩ ቦታዎች እንዳሉ ያስባል።

ቀስት

ቀስቱ አንድ ጊዜ ተስሎ በ90 ወይም በ45 ዲግሪ ብቻ ይዞራል። ወደ ላይ የሚያመለክተው «ቀጥ ብለህ ሂድ» ማለት ነው። ወደ ታች የሚያመለክተውን ለቀጥታ መንገድ መጠቀም አይመከርም፤ ደረጃ ያለበት ቤት ውስጥ ሰውን ወደ ምድር ቤት ይልካል። ደረጃ ካለ ያጋደለው ቀስት ለእሱ ይቀመጣል። የግራ ቀስት በሰሌዳው ግራ ጫፍ፣ የቀኝ ቀስት በቀኝ ጫፍ ይውላል። ሁሉንም በአንድ ወገን መደርደር ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ቀኝ የሚል ቀስት በግራ ጠርዝ ተቀምጦ ሲታይ አንባቢው ለአፍታ ይወላውላል። አንድ አቅጣጫ ያላቸው ክፍሎችም በአንድ ቀስት ሥር ይሰበሰባሉ።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በሚሰቀልበት ሰዓት ነው። ወደ ፊት እንዲያሳይ የተሠራ ሰሌዳ ከኮሪደሩ ጎን ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ወደ ውስጥ የሚሄደው ሰው ከጎኑ ስለሚያልፈው አያየውም፤ ዞር ብሎ ካየው ደግሞ ቀስቱ ሌላ ትርጉም ይይዛል። በግራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «ቀጥታ» የሚል ቀስት ወደ ጣሪያው ነው የሚያሳየው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ መንገዱን በትክክል የሚያሳየው የቀኝ ቀስት ነበር። ስለዚህ የአቅጣጫ ሰሌዳ ለመጪው ሰው ፊቱን ሰጥቶ ከጣሪያ ይንጠለጠላል ወይም ከግድግዳው ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ ከሥሩ ከወለሉ ቢያንስ 2.1 ሜትር ክፍት ይተዋል። ትዕዛዙ ላይ ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ጎን «የሚያየው ከየት ሲመጣ ነው» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ይህን ጣጣ ያስቀራል።

የበር ምልክት ደግሞ በሩ ላይ አይለጠፍም። በድሬዳዋ ሙቀት በሮች ቀኑን ሙሉ ተከፍተው መጋረጃ ብቻ ነው የሚወርድባቸው፤ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ ይውላል። ቦታው ከበሩ ጎን፣ እጀታው ባለበት በኩል፣ መሐሉ ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ላይ ነው።

መጠንና ፊደል

መጠን የሚወሰነው ከርቀት ነው። በልምድ የሚሠራበት ስሌት የሚነበብበትን ርቀት ለ200 አካፍሎ የፊደሉን ቁመት ያገኛል። በምሳሌው ግቢ ከውጭ በር እስከ በረንዳ 12 ሜትር ስለሆነ በረንዳው ላይ ያለው ፊደል 60 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የ8 ሜትሩ ኮሪደር 40 ይፈልጋል፤ ከ4 ሜትር ለሚነበበው የበር ምልክት 20 ይበቃል። ለጽሑፉ ሦስት መጠን፣ አራተኛ የለም። የሥዕሉ ሳጥን የፊደሉ ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ቀስቱም በዚያው ልክ ሳጥን ይገባል፤ 60 ሚሊ ሜትር ፊደል ካለ ሥዕሉም ቀስቱም 120 በ120 ናቸው።

ስሌቱ የተለመደው ለላቲን ፊደል ነው፤ ለእኛ ፊደል ዝቅተኛው መነሻ ተደርጎ ቢወሰድ ይሻላል። የግዕዝ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ቃሉ ከሩቅ ለብቻው የሚታወቅ ቅርጽ የለውም፤ ልዩነቱ እግር ላይ ባለች ጭረትና ቀለበት ነው። ወፍራም ፊደል ከተመረጠ የ«ቤ» ቀለበት ይደፈንና «ቢ» ይመስላል፤ ቀጭን ከተመረጠ ጭራሽ ይጠፋል። መካከለኛ ውፍረት ይመረጣል። ከዚያ በተራ ወረቀት በእውነተኛው መጠን ታትሞ በቦታው ይለጠፋል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ከውሳኔው ቦታ ቆመው ያንብቡት።

በከተማው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ኦሮምኛውና ሶማሊኛው በላቲን ፊደል ሲጻፉ ረዥም አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ቃሉ ይረዝማል፤ ስፋቱ የሚለካው በረዥሙ ቃል እንጂ በአማርኛው አይደለም። ሁለቱን ለማስገባት ፊደላቸውን ማሳነስ የተለመደ ነው፤ ያኔ ግን ከሩቅ የሚያነበው አማርኛ አንባቢው ብቻ ይሆናል። በአንድ ሰሌዳ ከአራት በላይ መድረሻ ባይኖር ሦስቱንም በእኩል መጠን ማስፈር ይቻላል።

ቁጥርና ሥዕል

ሁሉም የሚያነበው ነገር ቁጥር ነው። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ «ሦስት ቁጥር ይግቡ» ነው የምትለው፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ታካሚው በሚያልፍባቸው ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል፦ ካርድ 1፣ ልየታ 2፣ ሐኪሞች 3 እና 4፣ መርፌ 5፣ እናቶችና ሕፃናት 6፣ ላቦራቶሪ 7፣ መድኃኒት ቤት 8። በበር ምልክቱ ላይ ቁጥሩ ከጽሑፉ አራት እጥፍ ይረዝማል፤ 80 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ቁጥር ከሥዕል የተሻለ ያገለግላል፤ ሥዕል ለመጸዳጃ፣ ለመድኃኒት፣ ለእናቶችና ለላቦራቶሪ ብቻ ቢቀመጥ በቂ ነው።

ሥዕል ከባዶ መሳል አያስፈልግም። የአሜሪካ የግራፊክ ሠዓሊዎች ማኅበር ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በ1974 እ.ኤ.አ. 34 ምልክቶች አዘጋጅቶ በ1979 ወደ 50 አሳድጓቸዋል፤ ማንም በነፃ ይጠቀምባቸዋል። ከተለያዩ ምንጮች አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን አድርጎ መቀላቀል ግን ስብስቡን ያፈርሰዋል። ለታካሚ አሳይቶ «ይህ ምን ይመስልዎታል?» ማለትም ያስፈልጋል። ማይክሮስኮፕ አይቶ የማያውቅ ሰው በሥዕሉ ላቦራቶሪን አያስብም። የሱሪና የቀሚስ ቅርጽም ወንዱ ሽርጥ ታጥቆ በሚሄድበት ከተማ ብቻውን አይበቃም፤ «የወንዶች»፣ «የሴቶች» የሚለው ቃል ሳይቀር ይጻፋል።

ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ በስብስቡ አይገቡም። ሁለቱም በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቁ ዓርማዎች ናቸውና ለግል ክሊኒክ ማስታወቂያ አይውሉም፤ ብዙ በር ላይ መታየታቸው ሕጉን አይለውጠውም። አረንጓዴ በዓለም አቀፍ የደኅንነት ምልክቶች ለአደጋ ጊዜ መውጫና ለመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ቀይ ለእሳት ማጥፊያ ስለሚውሉ የአቅጣጫ ሰሌዳው ጥቁር ሰማያዊ በነጭ ቢሆን ከሁለቱም ጋር አይጋጭም። ለቦታውም ይስማማል፦ ፀሐይ ላይ ተራ የሕትመት ቀለም ሲደበዝዝ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይሄዳሉ፣ ሰማያዊና ጥቁር ይቆያሉ። የሚያብረቀርቅ ስቲከር በረንዳው ላይ ብርሃን መልሶ ጽሑፉን ስለሚያጠፋው የማያብረቀርቅ ገጽ ያለው ይታዘዛል። ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳም በቀጥታ ፀሐይ ይጎብጣል፤ ውጭ ላለው በአሉሚኒየም የተለበጠ ይሻላል።

ማተሚያ ቤት

የተጠና ስብስብ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ፋይሉ የተጻፈበት ፎንት ሳይያያዝ ከተላከ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ በቆየ ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ተለውጦ በፒዲኤፍ ይላካል። ሌላው ችግር መለጠጥ ነው፦ ሠራተኛው ሰሌዳው እንዲሞላለት ሥዕሉን ወደ ጎን ይስበዋል፣ ቀስቱ ያጥራል ወይም ይወፍራል፣ የአንዱ ሰሌዳ ክብ በሌላው እንቁላል ይሆናል። በየገጹ ጥግ በቁመትም በአግድምም 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች መለኪያ መስመር ካለች ሲረከቡ በማስመሪያ ይለካል፤ አንዱ ከሌላው ከተለየ ተለጥጧል ማለት ነው።

ክፍሎች ሥራ ይለዋወጣሉ። የክትባት ክፍሉ ነገ አልትራሳውንድ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከግድግዳው ጋር ይቀራል፣ የክፍሉ ስም ግን ለብቻው በሁለት ብሎን በሚነቀል ጠባብ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሲታዘዝ ባዶ መለዋወጫዎች በዚያው መጠን አብረው ቢታዘዙና የመጀመሪያው ፋይል ክሊኒኩ እጅ ቢቀር፣ ለውጥ በመጣ ቁጥር አራተኛ መጠን ወይም ሌላ ዓይነት ቀስት አይገባም።