የነጸብራቅ ማስተካከል ምንድን ነው? ሰው በተጨመረበት ፎቶ ላይ ውሃው፣ መስታወቱና መስኮቱ

ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም በሠርጉ ቀን ያልነበረ አባት ከቤተሰቡ ጋር ቆሞ እንዲታይ የሚጠይቅ ደንበኛ ለፎቶ ቤቶች እንግዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሥራው አለቀ የሚባለው ሰውየው ከራሱ ፎቶ ተቆርጦ ሲገባ፣ ቀለሙና ብርሃኑ ሲመሳሰል፣ ከእግሩ ሥር ጥላ ሲደረግለት ነው። ፎቶው የተነሳው ሐይቅ ዳር፣ ትልቅ መስታወት ያለበት ክፍል ውስጥ ወይም ካፌ መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ግን ግማሹ ሥራ ገና አልተነካም። በእንዲህ ያለ ቦታ የቆመ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይታያል። የነጸብራቅ ማስተካከል ማለት አዲስ የገባው ሰው በሚያንጸባርቀው ነገር ላይም እንዲታይ ማድረግ፣ እንዲሁም እሱ በመቆሙ ምክንያት መጋረድ የነበረበትን ነገር ከነጸብራቁ ውስጥ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ክፍል በብዛት ይረሳል፤ ፎቶውን የሚያጋልጠውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

የተለመደው አሠራር ሰውየውን ኮፒ አድርጎ በፎቶሾፕ `Flip Vertical` ብሎ መገልበጥ፣ እግሩን ከእግሩ ጋር ማገጣጠም፣ ከዚያ `Opacity` መቀነስ ነው። ውጤቱ ለምን እንደማያሳምን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ጠፍጣፋ የሆነ አንጸባራቂ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ካሜራ እንዳለ ያህል ነው የሚሠራው። ውሃ ከሆነ ያ ካሜራ፣ እውነተኛው ካሜራ ከውሃው በላይ ባለበት ከፍታ ልክ ከውሃው በታች ይገኛል። መስታወት ከሆነ ደግሞ ካሜራው ከመስታወቱ ፊት በራቀው ልክ ከመስታወቱ ጀርባ ይሆናል። ነጸብራቁ የሚያሳየው ከዚያ ቦታ የሚታየውን ነው። ስለዚህ ነጸብራቅ የአንድ ፎቶ ግልባጭ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የተነሳ ሌላ ፎቶ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ቤተሰቡ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሟል፤ ፎቶ አንሺው ጀልባ ላይ ሆኖ ሌንሱ ከውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ብሏል። ዳርቻው ከውሃው በ0.5 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ጠርዙ ከካሜራው 7 ሜትር ይርቃል። ቤተሰቡ የቆመው ከጠርዙ 1 ሜትር ወደ ኋላ፣ ማለትም ከካሜራው 8 ሜትር ላይ ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድም ቁመቱ 1.7 ሜትር ነው እንበል፤ ከጎኑ ከሚቆሙት ጋር ሲለካ ፎቶው ላይ 850 ፒክስል ያህል መሆን ይገባዋል። ስለዚህ በዚያ ርቀት 1 ሜትር 500 ፒክስል ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነጸብራቁ በየት መስመር ላይ እንደሚገለበጥ ነው። እግሩ ላይ አይደለም፤ የዳርቻው ጠርዝ ላይም አይደለም። የውሃው ወለል በመሬቱ ሥር እየቀጠለ ሰውየው እስከቆመበት ድረስ ቢደርስ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ዳርቻው 0.5 ሜትር ከፍ ስላለ ያ መስመር ከእግሩ 250 ፒክስል ዝቅ ይላል። የራሱ ጫፍ ከመስመሩ በላይ 1100 ፒክስል ነው፤ ስለዚህ በውሃው ውስጥ የሚታየው የራሱ ጫፍ ከመስመሩ በታች 1100 ፒክስል ላይ መውደቅ አለበት። ካሜራው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ከተያዘ ሁለቱ ልክ አንዱ ከሌላው በታች፣ በቁም መስመር ላይ ይሆናሉ።

ሁለተኛው፣ ነጸብራቁ ሙሉ ሰው አይሆንም። ከውሃው ሥር ያለው ካሜራ ወደ ላይ ሲያይ የዳርቻው ጠርዝ የሰውየውን እግር ይጋርደዋል። በዚህ ምሳሌ የሚጋረደው ከታች ወደ 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቅልጥሙ አጋማሽ ገደማ መሆኑ ነው። ያ ክፍል በፎቶው 143 ፒክስል ይይዛል፤ የሌየሩን ክፍል በሚደብቅ ማስክ ተሸፍኖ በቦታው የዳርቻው ነጸብራቅ መታየት አለበት። ሰውየው ከጠርዙ 1 ሳይሆን 3 ሜትር ወደ ኋላ ቢቆም ደግሞ የሚጋረደው 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በውሃው ውስጥ የሚታየው ከዳሌው በላይ ብቻ ነው። ከጠርዝ ርቆ የቆመ ሰው ጫማው ድረስ ውሃ ውስጥ ከታየ ፎቶው መቀናበሩን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የማያ ቦታው ነው። ከጀልባው ላይ የወንድምየው አገጭ ከሞላ ጎደል ፊት ለፊት ይታያል። ከውሃው 1.5 ሜትር በታች ሆኖ የሚያይ ካሜራ ግን ያንኑ አገጭ 24 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ነው የሚያየው። የአገጩ ሥር፣ የኮፍያው ክፈፍ ሥር፣ የኮቱ ጫፍ ውስጠኛ ገጽ ይታያሉ። የተገለበጠ ኮፒ ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ በውስጡ የለምና። ስለዚህ ወንድምየው ሁለት ፎቶ ነው መላክ ያለበት። ለመጀመሪያው ሌንሱ በ8 ሜትር ርቀት እሱ ከቆመበት መሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል። ለሁለተኛው እሱ 2 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የሕንፃ ደረጃ ላይ ይቆማል፤ ካሜራው በዚያው 8 ሜትር ርቀት ላይ መሬት ይቀመጣል፤ ወደ ላይ ሳይዘነብል፣ ሰውየው በፎቶው የላይኛው ክፍል እንዲገባ ተደርጎ ይነሳል። አቋቋሙ፣ ልብሱና ብርሃኑ የሚመጣበት ጎን በሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ተገልብጦ ውሃው ውስጥ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ፎቶ ነው። ካሜራው ከሰዎቹ 30 ሜትር ቢርቅ የሁለቱ አስተያየት ልዩነት ወደ 6 ዲግሪ ስለሚወርድ አንዱን ፎቶ ገልብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ሰዎቹ ቅርብ ሲሆኑ ግን አያዋጣም።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንሂድ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ውሃ የሚያንጸባርቀው የብርሃን መጠን በምናይበት አቅጣጫ ይወሰናል። በቀጥታ ወደ ታች ስናየው 2 በመቶ ያህል ብቻ ይመልሳል፤ አግድም ወደ ሩቅ ስናይ ግን መስታወት ይመስላል። በምሳሌያችን የወንድምየው ራስ የሚታይበት የውሃ ክፍል ለካሜራው ቀረብ ያለ ስለሆነ 9 በመቶ ገደማ ይመልሳል፤ ጉልበቱ የሚታይበት ደግሞ 18 በመቶ። ስለዚህ የነጸብራቁ ድምቀት ከዳርቻው ወደ ካሜራው ሲመጣ እየደከመ መሄድ አለበት፤ ራሱ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ጋ ከነበረው ግማሽ ነው። ሙሉ ሌየሩን በአንድ `Opacity` ማደብዘዝ ይህን አይሰጥም፤ ከላይ ወደ ታች የሚደበዝዝ ማስክ ያስፈልጋል። ቁጥሩን በራስ ከመገመት ይልቅ ከጎኑ የቆመውን ዘመድ ነጸብራቅ መከተል ይሻላል። የእሱ ነጭ ሸሚዝ ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደጠቆረ ተለክቶ የወንድምየውም በዚያው ልክ ይጠቁራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ያ የሚረሳው ክፍል ነው። ወንድምየው ከመግባቱ በፊት ያ የውሃ ቦታ ብሩህ ሰማይ ያንጸባርቅ ነበር። እሱ ሲቆም የሰማዩ ብርሃን ወደዚያ ቦታ አይደርስም፤ በምትኩ የእሱ ጥቁር ኮት ይታያል። ኮቱ የሚልከው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ እዚያ ቦታ የምናየው በዋናነት የውሃውን የራሱን ቀለም ነው፤ ውሃው ጥልቀት ከሌለውና ከጠራ የታችኛውን ድንጋይም እናያለን። የደበዘዘ ኮፒ በሰማዩ ነጸብራቅ ላይ ሲጫን ሰማዩ በኮቱ ውስጥ አልፎ ይታያል፤ ሰውየው ጢስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በሰውየው ቅርጽ መጠን የሰማዩን ነጸብራቅ አጥፍቶ በውሃው ቀለም መተካት፣ ከዚያ በላዩ የጠቆረውን ነጸብራቅ ብርሃን ብቻ በሚጨምረው የ`Screen` ቅልቅል መጨመር ነው። የውሃውን ቀለም ለማግኘት ጥቁር ዛፍ ወይም የሌላ ሰው ጥቁር ልብስ ከሚታይበት የውሃ ክፍል ናሙና ይወሰዳል።

ሞገዱን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ትናንሽ ሞገዶች ነጸብራቅን ወደ ካሜራው በቁመት ይስቡታል፤ በስፋት ግን ብዙም አይለውጡትም። ጎኖቹ በአግድም ይሰባበራሉ፤ መሰባበሩም ከዳርቻው እየራቀ ሲመጣ ይጨምራል። የውሃውን ራሱን ጥቁርና ነጭ ኮፒ በPSD አስቀምጦ፣ በዚያ ኮፒ ብሩህና ጥቁር ክፍሎች መሠረት ምስሉን በሚያዛንፈው በ`Displace` መጠቀም ከጎረቤቱ ሰው ነጸብራቅ ጋር የሚመሳሰል ስብርባሪ ይሰጣል።

መስታወት ላይ ሕጉ ያው ነው፤ ለውጡ የሚታየው ጎን ነው። ካሜራው ከግድግዳ መስታወት 3 ሜትር፣ ሰውየው 1 ሜትር ቢርቁና ፊቱን ወደ ካሜራው ቢያዞር፣ በቀጥታ በ2 ሜትር፣ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ በ4 ሜትር ርቀት ነው የሚታየው። ስለዚህ በመስታወቱ ያለው ቁመቱ ግማሽ ይሆናል፤ የሚታየውም ጀርባው ነው። ይህም ከ4 ሜትር፣ ከኋላው የሚነሳ ፎቶ ይፈልጋል፤ ፎቶው በ`Flip Horizontal` ይዞራል። ነጠላ የለበሰች ሴት ከሆነች ጥለቱ የወረደበት ትከሻ መለወጡን ማየት ያስፈልጋል። ካሜራው አጠገብ የነበሩት ዘመዶች በመስታወቱ ይታዩ ከነበረና አሁን እሱ መሐል ከገባ፣ እነሱንም በከፊል ይጋርዳቸዋል።

ቦታው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ፈተና አለ። ከሰውየው ላይ ግልጽ ነጥቦች ይመረጣሉ፦ የጆሮው ጫፍ፣ ክርኑ፣ የጫማው ተረከዝ። እያንዳንዱ በነጸብራቁ ካለው አቻ ነጥብ ጋር በቀጥታ መስመር ይገናኝና መስመሩ ይራዘማል። በአንድ ጠፍጣፋ መስታወት የሚታዩ ነገሮች ሁሉ መስመሮቻቸው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ካሜራው የሚያይበት አቅጣጫ ከመስታወቱ ገጽ ጋር ሳይገናኝ ጎን ለጎን የሚሄድ ካልሆነ በስተቀር ያ ነጥብ አለ። የዘመዶቹ መስመሮች የተገናኙበትን ነጥብ የአዲሱ ሰው መስመሮች ከሳቱት ነጸብራቁ ቦታውን ስቷል። ሃኒ ፋሪድ እና ጄምስ ኦብራየን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀናበሩ ፎቶዎችን ለመለየት ያቀረቡት ዘዴ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ፈተናው ከግራፊክ ሠሪ ይልቅ መርማሪ የሚጠቀምበት ቢመስልም፣ እኔ ከመጨረሻው ይልቅ ነጸብራቁን ከመሥራት በፊት መስመሮቹን መሳልን እመርጣለሁ፤ ነጥቡ ከታወቀ የእያንዳንዱ አካል ቦታ በራሱ ይገኛል።

መስኮት ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ ከሁለቱ ገጾቹ በድምሩ 8 በመቶ ያህል ብርሃን ብቻ ይመልሳል። በቀን ከውጭ ስናየው ደማቁ ሰማይ በዚያ 8 በመቶ ብቻ የካፌውን ውስጥ ይሸፍነዋል። ሰው መስኮቱ ፊት ሲቆም ያ የሰማይ ነጸብራቅ በእሱ ቅርጽ ልክ ይጠፋና ውስጡ ያለው ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የተቀመጠ ሰው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እንግዲህ እዚህ የሚፈለገው የሰውየው ምስል ብቻ ሳይሆን የካፌው ውስጥ ምስል ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ በሰማዩ ብርሃን ከተዋጠ ከየትም አይገኝም። ያለው አማራጭ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ጥቁር ጨርቅ መስኮቱ ላይ እንዲንጸባረቅ አስይዞ ውስጡን ማንሳት ነው፤ ያ ካልተቻለ ሰውየውን ነጸብራቁ በፎቶው ክልል ወደማይወድቅበት ጫፍ ማዛወር።