ሰጥቶ መቀበል ምንድን ነው? ተባብሮ ከመፍታትስ በምን ይለያል?

አንድ ፕሮግራመር አዲሱ ሶፍትዌር በአራት ቀን ውስጥ ይለቀቅ ይላል። የጥራት ፈታሿ ደግሞ ከአሥር ቀን በፊት አይሆንም ትላለች። ኃላፊው ሁለቱን ካዳመጠ በኋላ «እንግዲያው ሰባት ቀን ይሁን» ብሎ ገላገላቸው። ኃላፊው የተጠቀመው የግጭት አፈታት ዘዴ የትኛው ነው?

በፕሮጀክት አስተዳደር ትምህርት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ «ተባብሮ መፍታት» ብሎ መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለቱም ተደምጠዋል፣ ሁለቱም ተስማምተዋል፣ ማንም አልተገደደም። መልሱ ግን ሰጥቶ መቀበል ነው፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀን ለቀው ወጥተዋልና።

የአስተዳደር ተመራማሪዎቹ ኬኔት ቶማስና ራልፍ ኪልማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት መጠይቅ ሰዎች በግጭት ጊዜ የሚያሳዩትን ባሕርይ በሁለት ነገር ለክተውታል፤ አንደኛው ሰው ለራሱ ፍላጎት ምን ያህል ይሟገታል የሚለው ሲሆን ሁለተኛው ለሌላው ፍላጎት ምን ያህል ይጨነቃል የሚለው ነው። ለራሱ ብቻ የሚሟገት ያስገድዳል። የራሱን ትቶ የሌላውን የሚፈጽም ያለሳልሳል። ሁለቱንም የተወ ይሸሻል። ሰጥቶ መቀበል በሁለቱም መለኪያ መካከል ላይ ይቀመጣል። ተባብሮ መፍታት ግን በሁለቱም ከፍተኛውን ቦታ ይይዛል፤ ማንም ከሚያስፈልገው ነገር አይቀንስም ማለት ነው።

ይህ እንዴት ይቻላል? ወደ ሁለቱ ባልደረቦች እንመለስ። ኃላፊው የቀን ቁጥር ከመጥራቱ በፊት «ለምን አሥር?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ፈታሿ የሚያስጨንቃት የክፍያው ክፍል ብቻ መሆኑን በሰማ ነበር፤ ባለፈው ጊዜ ሳይፈተሽ ወጥቶ ደንበኞችን ሁለት ጊዜ አስከፍሏል። «ለምን አራት?» ቢል ደግሞ ፕሮግራመሩ ያቻኮለው ነገር በአምስተኛው ቀን ለገዢው ድርጅት የሚታየው የሪፖርት ገጽ መሆኑን በተረዳ ነበር። አንዷ የምትናገረው ስለ ክፍያ፣ ሌላው የሚናገረው ስለ ሪፖርት ነው። የሪፖርቱ ገጽ ተፈትሾ በአራተኛው ቀን ይለቀቃል፤ የክፍያው ክፍል ተዘግቶ ይቆይና በአሥረኛው ቀን ይከፈታል። ይህ ነው ተባብሮ መፍታት። የሰባት ቀኑን ውሳኔ ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ ሪፖርቱ ለአምስተኛው ቀን አይደርስም፣ ክፍያውም ሦስት ቀን ፍተሻ ይጎድለዋል። ፍትሐዊ መስሎ ሁለቱንም ጎዳ።

ሐሳቡ ከመጠይቁም ይቀድማል። አሜሪካዊቷ የአስተዳደር አሳቢ ሜሪ ፓርከር ፎሌት እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረበችው ንግግር አንድ የቤተ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ የገጠማትን ታነሣለች። አንድ ሰው መስኮቱ እንዲከፈት ፈለገ፣ እርስዋ ደግሞ እንዲዘጋ። ሰው ያልነበረበትን የጎረቤት ክፍል መስኮት ከፈቱ። እርሱ የፈለገው አየር እንጂ ያንን መስኮት አልነበረም፤ እርስዋም የጠላችው ነፋሱ በቀጥታ እንዲመታት ነበር። መስኮቱን በግማሽ ከፍተው ቢሆን ኖሮ ሰጥቶ መቀበል ይሆን ነበር፤ እርስዋም ነፋሱ አይቀርላትም ነበር።

ይህ ማለት ሰጥቶ መቀበል ደካማ ዘዴ ነው ማለት አይደለም። ሁለት ቡድኖች አንድ የመሞከሪያ ክፍል ቢሻሙ ጠዋቱን ለአንዱ፣ ከሰዓት በኋላውን ለሌላው መስጠት በቂ ነው፤ የሚካፈል ነገር ስለሆነ ከጀርባው ያለውን ምክንያት ለመቆፈር ግማሽ ቀን መሰብሰብ ጊዜ ማባከን ነው። ተባብሮ መፍታት ጊዜ ይበላል። ከዚያም በላይ እውነተኛ ምክንያቱን የሚናገር ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ወገን የልቡን ከደበቀ ስብሰባው ወደ ቀን መቁጠር ይመለሳል።

ማስገደድም ቦታ አለው። የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ የብረት መወጣጫው ከግድግዳው ጋር ያልታሰረ መሆኑን አየ እንበል። የሠራተኞቹ አለቃ «የቀረን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ጨርሰን እናስረዋለን» ይላል። ተቆጣጣሪው «አሁኑኑ ውረዱ» ብሎ ያዛል። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ መውረድ የሚባል መካከለኛ መንገድ የለም። ጉዳቱ ማስገደዱ ለእንዲህ ያለው ሰዓት ከመሆን አልፎ ልማድ ሲሆን ነው፤ ሠራተኞቹ ያልታሰረ መወጣጫ ሲያዩ መናገሩን ይተዋሉ።

መሸሽና ማለሳለስ በምሳሌ ውስጥ በቀላሉ ይታወቃሉ። «ዛሬ ሁላችንም ተቆጥተናል፣ ሐሙስ እንነጋገር» መሸሽ ነው፤ ሐሙስ ከመጣና ከተነጋገሩ ጥሩ ሽሽት ነው። «በዘጠኙ ነገር ተስማምተናል፣ አሥረኛው ምንም አይደለም» ማለሳለስ ነው።

የሚያሳስተው ሌላ ነው። ኃላፊው ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ሰዓት ሐሳባቸውን ይጠይቃል፣ በማስታወሻው ላይ ይጽፋል፣ ያመሰግናል፤ ከዚያም ከስብሰባው በፊት የወሰነውን ያሳውቃል። ጠረጴዛው ክብ ቢሆንም ዘዴው ማስገደድ ነው።