የማቴዎስና የሉቃስ የዘር ሐረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ ይለዋል፣ ሉቃስ ኤሊ ይለዋል። ስለዚህ አንዳቸው ተሳስተዋል።»

በእስራኤል ሕግ አንድ ልጅ በሥጋ የአንዱ፣ በስም የሌላው ሊሆን ይችል ነበር። ወንድሙ ልጅ ሳይወልድ የሞተበት ሰው የሟቹን ሚስት እንዲያገባ፣ በኩሩም በሟቹ ስም እንዲቆም ዘዳግም 25 ያዝዛል። በአገራችንም በአንዳንድ አካባቢዎች ሟች ወንድም የተዋትን ሚስት ማግባት የታወቀ ልማድ ነበር።

በሦስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኖረው ክርስቲያን ጸሐፊ ዩልዮስ አፍሪቃኖስ ጥያቄውን በዚሁ ሕግ ፈታው። ይህን የጻፈበትን ደብዳቤ ያቆየልን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው፤ አፍሪቃኖስ ራሱ ትውፊቱ ከጌታ ሥጋዊ ዘመዶች የመጣ ነው ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳዊት ልጅ ከሰሎሞን ወገን የሆነው ማታን አስታ የምትባል ሴት አግብቶ ያዕቆብን ወለደ። እሱ ሲሞት ከሌላው የዳዊት ልጅ ከናታን ወገን የሆነው ሚልኪ አገባትና ኤሊን ወለደ። ያዕቆብና ኤሊ እንግዲህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ግን ይለያያል። ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ያዕቆብም ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ማቴዎስ «ያዕቆብ ዮሴፍን ወለደ» ሲል ሥጋዊውን አባት፣ ሉቃስ «የኤሊ ልጅ» ሲል ደግሞ በሕግ የሚጠራበትን አባት መጻፉ ነው።

መልሱ ያምራል፤ ክፍተት ግን አለው። ዛሬ በእጃችን ባለው ሉቃስ በኤሊና በሚልኪ መካከል ማቲና ሌዊ አሉ፤ አፍሪቃኖስ ግን ሚልኪን የኤሊ አባት ያደርገዋል። ያነበበው ቅጂ ሁለቱ ስሞች ያልነበሩበት ይመስላል። በኋላ የመጡ የአይሁድ መምህራንም ይህን ሕግ በአባት ለሚገናኙ ወንድማማቾች ብቻ ወስነውታል፤ ያዕቆብና ኤሊ ደግሞ የሚገናኙት በእናት ነው። ስለዚህ አፍሪቃኖስ «ሊሆን ይችላል» የሚል ጠንካራ መልስ ሰጥቶናል እንጂ ክርክሩን አልዘጋውም።

«እንዲህ ያለ ነገር በብሉይ ኪዳን የለም፤ ወንጌላውያንን ለማስታረቅ የተፈጠረ ነው።»

ዘሩባቤልን ተመልከቱ። ከምርኮ የተመለሱትን መርቶ መቅደሱን ማሠራት የጀመረው እሱ ነው። ዕዝራና ሐጌ የሰላትያል ልጅ ይሉታል። አንደኛ ዜና መዋዕል 3፥19 በዕብራይስጡ ግን የፈዳያ ልጅ አድርጎ ይጽፈዋል። ሰላትያልና ፈዳያ በዚያው ምዕራፍ ከንጉሡ ከኢኮንያን ልጆች ጋር የተቆጠሩ ወንድማማቾች ናቸው። የአንድ ሰው አባት በሁለት ስም ተመዝግቦ የምናገኘው እንግዲህ ከወንጌላቱ ብዙ ዘመን በፊት ነው።

ከዳዊት በኋላ ተለያይተው የሚሄዱት ሁለቱ ዝርዝሮች የሚገናኙትም እዚሁ፣ ሰላትያልና ዘሩባቤል ላይ ነው። በዚያም ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ማቴዎስ የሰላትያልን አባት ኢኮንያን ሲል ሉቃስ ኔሪ ይለዋል። ኤርምያስ 22 ስለ ኢኮንያን ከዘሩ በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ እንደማይኖር ተናግሯል። ስለዚህ በሥጋ የኔሪ የሆነው ሰላትያል በውርስ ወደ ንጉሡ ቤት ተቆጥሯል የሚሉ አሉ። ለእኔ ይህ የሚያሳምን ግምት ነው፤ በግልጥ የሚናገር ጥቅስ ግን የለውም።

«የሉቃስ ዝርዝር የማርያም ነው፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ።»

በዝርዝሩ ውስጥ የማርያም ስም የለም። ሉቃስ 3፥23 ኢየሱስ «እንደመሰላቸው» የዮሴፍ ልጅ እንደ ነበር ተናግሮ በቀጥታ ወደ ኤሊ ይሻገራል። ሐሳቡ የሚቆመው ኤሊን የዮሴፍ አማት ካደረግነው ነው፤ ለዚህም ኤሊ የድንግል ማርያም አባት ኢያቄም ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከጥንታዊዎቹ አባቶች ብዙዎቹ ግን ሁለቱንም ዝርዝሮች የዮሴፍ አድርገው ነው የመለሱት። ድንግል ማርያም ከዳዊት ወገን መሆኗን የሚያምን ሁሉ ለዚህ ሲል የሉቃስን ዝርዝር የእሷ ማድረግ አይጠበቅበትም።

«ሉቃስ ውስጥ ያለው ናታን ነቢዩ ናታን ነው።»

አይደለም። ከቤርሳቤህ የተወለደው የዳዊት ልጅ፣ የሰሎሞን ወንድም ነው (አንደኛ ዜና መዋዕል 3፥5)።

«‹ወለደ› ከተባለ የግድ አባትና ልጅ ናቸው፤ የተዘለለ ሰው የለም።»

ማቴዎስ 1፥8 «ኢዮራምም ዖዝያንን ወለደ» ይላል። ከአንደኛ ዜና መዋዕል 3 ጋር ስታስተያዩት በሁለቱ መካከል አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ የተባሉ ሦስት ነገሥታት አሉ። ከኢዮስያስ በኋላም ኢዮአቄም ተዘሏል። ማቴዎስ ትውልዱን በአሥራ አራት አሥራ አራት በሦስት ክፍል ስለከፈለው ስሞቹን መርጧል፤ የነገሥታቱ ዝርዝር በአይሁድ ዘንድ የታወቀ ስለነበረም ይደበቃል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

የዳዊት አያት ኢዮቤድ ግን በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። ቦዔዝ ሩትን ያገባው የሟቹን የመሐሎንን ስም ለማቆም እንደሆነ ሩት 4፥10 ላይ በአደባባይ ተናግሯል። ማቴዎስም ሉቃስም ግን ኢዮቤድን የቦዔዝ ልጅ አድርገው ጻፉት እንጂ የመሐሎን አላሉትም። ስለዚህ የሟቹ ስም የሚጻፍበት ጊዜም የማይጻፍበት ጊዜም ነበር፤ አፍሪቃኖስን የሚከተል ሰው ኤሊ ተጽፎ መሐሎን ለምን እንደቀረ አብሮ መመለስ ይኖርበታል።