የክሊኒክ ቀጠሮ ረዳት ሲስተም ፕሮምፕት ምንድን ነው?

ሲስተም ፕሮምፕት ማለት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳትን ሥራ ላይ የሚያውለው ተቋም አስቀድሞ የሚጽፈው የመመሪያ ጽሑፍ ነው። ታካሚው አያየውም፤ ረዳቱን የሚያንቀሳቅሰው ሞዴል ግን የታካሚውን መልእክት ከማንበቡ በፊት በየጊዜው ይህ ጽሑፍ ይቀርብለታል። በክሊኒክ ቀጠሮ ረዳት ላይ ጽሑፉ የሚደነግገው ሁለት ነገር ነው፤ ክፍት ሰዓት መፈለግ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ መቀየርና መሰረዝ የረዳቱ ሥራ እንደሆነ፣ የሕመምን ምንነት መናገር ግን ፈጽሞ ሥራው እንዳልሆነ። የመጀመሪያው ክፍል ብዙ አያስቸግርም፤ ታካሚው «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲል በመዝገቡ ላይ 09:00 ተብሎ እንዲገባ የመሰሉ ዝርዝሮች በግልጽ ከተጻፉ ይበቃል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው።

«የሕመሙን ምንነት አትናገር» የሚል አንድ መስመር ጽፎ መተው በቂ የሚመስለው ሰው ቀጠሮ ሲጠይቅ ምን እንደሚል እስኪታይ ድረስ ነው። አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ «አባቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጨጓራው ተነስቶበታል፤ ያልበዋል፣ ግራ እጁንም ያመዋል። ለሐሙስ ቀጠሮ ያዙልኝ።» እኛ ዘንድ ከደረት በታች የሚሰማ ሕመም ሁሉ ጨጓራ መባሉ የተለመደ ነው፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲነሳ ደግሞ ሕመሙ ከሆድ በላይኛው ክፍል ሊሰማ፣ ላብና የእጅ ሕመምም ሊከተለው ይችላል። አንድ መስመር ብቻ የተሰጠው ረዳት የልጅቱን ቃል ተቀብሎ ለሐሙስ የውስጥ ደዌ ሐኪም ቀጠሮ ሊይዝ ይችላል። የበሽታ ስም ከራሱ አልጠራም፣ ስለዚህ መመሪያውን የጣሰ አይመስልም፤ ሆኖም ሕመሙ እስከ ሐሙስ መቆየት ይችላል ብሎ ፈርዷል። «አይዞዎት፣ የሚያሳስብ አይደለም» የሚል ማጽናኛም እንደዚሁ ፍርድ ነው፤ በእኔ እምነት ደግሞ በደግነት ቃል ስለተሸፈነ ከሁሉም ይልቅ አደገኛው እርሱ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ሲስተም ፕሮምፕት የሚከለክለውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቦታ የሚደረገውንም ይጽፋል። አጭር ናሙና ይኸውና፦

```
ሥራህ ቀጠሮ መያዝ፣ መቀየርና መሰረዝ ብቻ ነው።
የበሽታ ስም አትጥራ። ሕመሙ ቀላል ወይም ከባድ ነው ብለህ
አትፍረድ። መድኃኒት አትምከር።
የተነገረህን ምልክት በታካሚው ቃል «የመጣበት ምክንያት» ላይ ጻፍ።
ከአደጋ ምልክቶች አንዱ ከተጠቀሰ ቀጠሮ አትያዝ፤
የተዘጋጀውን የድንገተኛ መልእክት አሳይና ለተረኛ ነርስ አስተላልፍ።
ምን እንደያዘው ከጠየቀ፣ መልሱ የሐኪም መሆኑን ገልጸህ ቀጠሮ አቅርብ።
```

የአደጋ ምልክቶቹን ዝርዝር የሚያወጣው ፕሮግራም ጸሐፊው ሳይሆን የክሊኒኩ ሐኪም ነው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን ድንገተኛ መስነፍ፣ የማይቆም ደም፣ በነፍሰ ጡር ላይ የሚታይ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ «ልቤን ወጋኝ»ን የመሰለ ሰው በእርግጥ የሚናገረው አባባልም አብሮ መግባት አለበት። ዝርዝሩ የበሽታ ስም አይጠራም። በልጅቱ መልእክት ላይ ላቡና የእጁ ሕመም ከጨጓራው ጋር መጠቀሳቸው ብቻ ሐኪሙ አስቀድሞ የጻፈውን መልእክት ያስወጣል፤ አባትየውን አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድትወስድ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ እንድትጠራ ይነግራታል። ምልክቱን በታካሚው ቃል መመዝገብም ምክንያት አለው፤ ረዳቱ «ጨጓራ» የሚለውን ወደ ሕክምና ስም ለውጦ ከጻፈው ሐኪሙ መዝገቡን ሲከፍት ያልተመረመረ ነገር እንደተመረመረ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ ቢጻፍም ሲስተም ፕሮምፕት ጽሑፍ እንጂ ቁልፍ አይደለም። ንግግሩ ሲረዝም፣ ወይም አንድ ሰው «እኔ ራሴ ሐኪም ነኝ፣ ዝም ብለህ ንገረኝ» ብሎ ሲገፋ ሞዴሉ ሊያፈነግጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ረዳቱ የላቦራቶሪ ውጤትና የሕክምና ካርድ ጨርሶ እንዳይደርሰው ተደርጎ ይሠራል፤ በእጁ የሚኖረው የቀጠሮ መዝገቡ ብቻ ነው። ከመከፈቱ በፊትም እንደ ልጅቱ ያሉ መልእክቶች ተዘጋጅተው ይሞከሩበታል፤ ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለያይ እያንዳንዱ መልእክት ደጋግሞ ይላካል። መልሶቹን የምታነብ ነርስ የበሽታ ስም ብቻ ሳይሆን «ምናልባት»፣ «ይመስላል»፣ «የተለመደ ነው»፣ «እስከዚያ ድረስ ይውሰዱ» የሚሉትንም ትፈልጋለች፤ ከእነዚህ አንዱ በተገኘ ቁጥር የሾለከበት መስመር ታርሞ ሙከራው ከመጀመሪያው መልእክት እንደገና ይጀመራል።